ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላክ ኢሜይል ስንት ቃል ይሁን? ሲረዝምስ ከየቱ ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ «ሐረር ጁገል ውስጥ፣ በባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ አራት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አለን፤ አስጎብኚነትም እንሠራለን። አዲስ አበባ ያሉ አስጎብኚ ድርጅቶች እንግዶቻቸውን ወደኛ እንዲልኩ ኢሜይል ጽፌ ነበር፤ 380 ቃል ሆነ። ለሠላሳ ድርጅት ያህል ልኬ አንድም መልስ አላገኘሁም። ጓደኛዬ ‘ከ125 ቃል ማለፍ የለበትም’ ይለኛል፤ ወንድሜ ደግሞ ‘ሙሉ መረጃ ካልሰጠህ ማን ያምንሃል?’ ይላል። ትክክለኛው ርዝመት ስንት ነው? ረቂቁን አያይዣለሁ፤ ከየቱ ልቁረጥ?»

ምላሽ፦ በአማርኛ የሚጻፍ ከሆነ ከ60 እስከ 90 ቃል ይበቃል። ይህ ቁጥር ሰላምታውንና ከታች የሚሰፍረውን ስምና ስልክ አይጨምርም። በዓረፍተ ነገር ከተቆጠረ ከአምስት እስከ ሰባት ቢሆን ነው። የእርስዎ ረቂቅ ከዚህ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ቃል በማንሳት አይስተካከልም። ሙሉ አንቀጾች መውጣት አለባቸው።

ጓደኛዎ የጠቀሱት 125 ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። ቡመራንግ የተባለ የኢሜይል መገልገያ የሚሠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ40 ሚሊዮን በላይ ኢሜይሎችን መርምሮ፣ የተሻለ መልስ ያገኙት ከ50 እስከ 125 ቃል ያላቸው መሆናቸውን አሳትሞ ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ምክር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሁለት ነገር ተረስቷል። አንደኛ፣ በዚያ ምርመራ የተቆጠሩት የማያውቁት ሰው የላካቸው መልእክቶች ብቻ አይደሉም፤ የሚተዋወቁ ሰዎች የሚጻጻፉትም አለበት። ከሚያውቁት ሰው የመጣ ረጅም ኢሜይል ቢዘገይም ይነበባል። ከማያውቁት ሰው የመጣ ረጅም ኢሜይል ግን የሚነበብበት ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ 125ን እንደ ግብ ሳይሆን እንደ ጣሪያ ይውሰዱት። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የእንግሊዝኛ ልክ ነው። እንግሊዝኛ በአራትና በአምስት ቃል የሚለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል። ስለዚህ 125 የአማርኛ ቃል ስክሪን ላይ የሚይዘው ቦታም ሆነ የሚሸከመው ነገር ከ125 የእንግሊዝኛ ቃል በጣም ይበልጣል። ለውጭ አገር ድርጅት በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ከ90 እስከ 125 ይጠቀሙ፤ ለአዲስ አበባ በአማርኛ ሲጽፉ ከ60 እስከ 90።

ገደቡ የተቀመጠው ኢሜይሉ ከሚከፈትበት ሁኔታ ተነስቶ ነው። አዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ቦታ የሚያስይዘው ሰው፣ አንድ ሎጅ ክፍል የለኝም ብሎት ሌላ እየፈለገ፣ ሾፌር መንገድ ላይ ሆኖ እየደወለለት፣ በመሐል ስልኩ ላይ ኢሜይሉን ይከፍታል። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ማን ነው የጻፈልኝ፣ ምን ይፈልጋል፣ አሁኑኑ ልመልስለት እችላለሁ ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ «ማታ አየዋለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ማታ ደግሞ ሌላ ሃያ ኢሜይል ከላይ ተደርቦበታል። ስለዚህ ቃል ከመቁጠር የሚሻል መለኪያ አለ። ረቂቁን ለራስዎ ይላኩና በስልክ ይክፈቱት። የመጨረሻው ጥያቄ በጣት ሳይገፉ ወይም አንዴ ብቻ ገፍተው ከታየ ርዝመቱ ልክ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ መግፋት ካስፈለገ፣ ቆጠራው ምንም ይበል፣ ረዝሟል።

ወደ ታችም ወሰን አለው። «ሰላም፣ ሐረር ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አለን፣ አብረን ብንሠራ ደስ ይለናል፣ ይደውሉልን» የሚል ባለ አሥራ አንድ ቃል መልእክት አጭር ስለሆነ ብቻ አይሠራም። ለሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የተበተነ ይመስላል፤ ተቀባዩ እንዲደውል የሚያደርገው አንድም ነገር አልያዘም። ከ40 ቃል በታች ከወረዱ አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው ወይ «ለምን ለእርስዎ እንደጻፍኩ» የሚለው ነው፣ ወይ ማስረጃው። ሁለቱም የሌሉበት ኢሜይል ማስታወቂያ ነው።

የወንድምዎ ስጋት እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን የመረጃ ብዛት አይደለም። አንባቢው የሚያምነው ሊያጣራ የሚችለውን ነገር ሲያገኝ ነው፦ አስጎብኚው ፈቃድ እንዳለው፣ ደረሰኝ እንደምትቆርጡ፣ እንግዳ የሚልክላችሁ ሌላ ድርጅት ማን እንደሆነ፣ የማትችሉት ነገር ምን እንደሆነ። እነዚህ አራቱ በሠላሳ ቃል ያልቃሉ። «ከፍተኛ ልምድ ያካበተ»፣ «በቅን ልቦና የሚያገለግል» የሚሉት ግን በመቶ ቃል ቢጻፉም ማንም ሊያጣራቸው አይችልም። ስለዚህ እምነት አይጨምሩም።

አሁን ወደ ረቂቅዎ። በክፍል በክፍል ቆጥሬዋለሁ። መክፈቻውና የድርጅቱ አመሠራረት 70 ቃል፣ ስለ ሐረር ታሪክ 95፣ የአገልግሎት ዝርዝር 90፣ ስለ ሥነ ምግባርና ራእይ 45፣ ከማን ጋር እንደምትሠሩ 25፣ ጥያቄውና መዝጊያው 55። ትልቁን ቦታ የያዘው ተቀባዩ ከእርስዎ መስማት የማያስፈልገው ነው፤ ትንሹን የያዘው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሊሰማው የሚፈልገው ነው። ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙዎቻችን ለማናውቀው ሰው መጻፍን የተማርነው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑ ሁሉን ነገር መያዝ ነበረበት። ኢሜይሉን የሚያነበው ግን አንድ ሰው ነው፤ የሚፈለግበትም «አዎ ላኩልኝ» ወይም «አይ» ማለት ብቻ ነው።

መቁረጥ ሲጀምሩ ከመጀመሪያው መስመር አይነሱ። መጀመሪያ ጥያቄውን ይፈልጉ። የእርስዎ ጥያቄ መጨረሻ ላይ «በጋራ የምንሠራበትን ሁኔታ እንድታመቻቹልን በትህትና እንጠይቃለን» ይላል። ይህ በኢሜይል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ተቀባዩ ምን እንዲያመቻች ነው? ውል እንዲጽፍ? ስብሰባ እንዲጠራ? ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንዲነጋገር? ጥያቄው ሰፊ ሲሆን ለእሱ ድጋፍ የሚሆን መረጃም ይሰፋል፤ ረቂቁ 380 ቃል የሆነው በዋነኛነት ከዚህ የተነሳ ነው። ጥያቄውን በአንድ ቃል ሊመለስ በሚችል ይተኩት፦ «ለአስጎብኚ ድርጅቶች ያዘጋጀነውን የዋጋ ዝርዝር ልላክልዎ?» ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዚህ ይፈትኑት፦ ሰውየው «አዎ ላኩልኝ» ለማለት ይህን ማወቅ ያስፈልገዋል? የማያስፈልገው ከሆነ ይውጣ።

በዚህ ፈተና መጀመሪያ የሚወድቀው የሐረር ታሪክ ነው። የጁገል ግንብ፣ አምስቱ በሮች፣ 82ቱ መስጊዶች፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ፣ የራምቦ ቤት፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ያኮራል። የሚጽፉለት ሰው ግን ሐረርን በመሸጥ የሚተዳደር ነው፤ እነዚህን ነገሮች በራሱ ብሮሹር ላይ አትሟቸዋል። 95 ቃል ሙሉ የሚያውቀውን ሲያነብ የሚደርስበት መደምደሚያ፣ ጸሐፊው ለማን እንደሚጽፍ አላሰበም የሚል ነው። ይህን ክፍል ማሳጠር አያስፈልግም፤ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ለቱሪስቱ በቀጥታ ቢጽፉ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ቀጥሎ መክፈቻው። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ድርጅታችን በምሥራቅ ኢትዮጵያ ዕንቁ በሆነችው በታሪካዊቷ የሐረር ከተማ…» ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ ሌላም ጉዳት አለው። የኢሜይል ዝርዝር ላይ ከርዕሱ ጎን ወይም ሥር የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ሰውየው ለመክፈት ወይም ለማለፍ የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የከበረ ሰላምታ ብቻ ከታየ ምንም አልተባለም። ሰላምታ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ያለ ሰላምታ የሚጀምር ሰው ባለጌ ነው። «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት» ይበሉና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ይግቡ። የድርጅቱ የተመሠረተበት ዓመትም ይውጣ። የቆየ መሆኑ የሚታመነው ዓመተ ምሕረቱ ስለተጻፈ ሳይሆን አሁን ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

የአገልግሎት ዝርዝሩ ብዙ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጥበት ነው፤ «ይህን ካላልኩ ሥራው ሊያመልጠኝ ይችላል» ስለሚል። እርስዎ ማረፊያ፣ ከተማ ማስጎብኘት፣ የጅብ ምገባ፣ ከድሬዳዋ ማመላለስ፣ የባቢሌ ጉዞ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት፣ የባህል ምግብ ዝግጅት፣ የመኪና ኪራይና የስብሰባ አዳራሽ ማፈላለግ ዘርዝረዋል። ዘጠኝ ናቸው። አንባቢው ዘጠኝ ነገር ሲያይ እናንተን በአንዱም አያስታውስም። ስብሰባ አዳራሽ የሚያፈላልግ የአራት ክፍል ማረፊያ ደግሞ በራሱ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ የተሟላ ነገር ይምረጡ። ለአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ሐረር ላይ የሚያስቸግረው እንግዳውን ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ፣ የአንድ ሰዓት ያህሉን መንገድ አጓጉዞ፣ አሳድሮ፣ አስጎብኝቶ የሚመልስ አንድ ተጠሪ ማግኘት ነው። ለሾፌር አንድ ጥሪ፣ ለሆቴል ሌላ፣ ለአስጎብኚ ሌላ፣ ሦስት ደረሰኝ ይሆንበታል። እናንተ ሁሉንም በአንድ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ። የሚሸጠው ይህ ነው፤ የባቢሌው ጉዞና የቡናው ሥነ ሥርዓት በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ይጠብቁ።

የሥነ ምግባርና የራእይ 45 ቃል ያለ ንግግር ይወጣል። «ውድ ጊዜዎን ስለወሰድን ይቅርታ እየጠየቅን» የሚለውም እንዲሁ። ጊዜውን ላለመውሰድ መንገዱ ማሳጠር ነው። ከተረፉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ደግሞ ቅጽሎቹን ያውጡ፦ «ምቹና ማራኪ የሆኑ ዘመናዊ መኝታ ክፍሎች» የሚለው «አራት መኝታ ክፍሎች» ይሁን። ቁጥሩ ይናገራል፤ ማራኪነቱን ፎቶው በኋላ ያሳያል።

የማይቆረጠውንም ልናገር፤ ሰው ማሳጠር ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚጥለው እሱን ነውና። አንደኛው ለዚህ ድርጅት ለምን እንደጻፉ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። በእርስዎ ረቂቅ ጨርሶ የለም፤ ለሠላሳውም አንድ ዓይነት ነው የተላከው። ሁለተኛው በረቂቁ አምስተኛ አንቀጽ ላይ የተቀበረው ነው፦ ሁለት የአዲስ አበባ ድርጅቶች እንግዶቻቸውን እንደሚልኩላችሁ። ከ380ው ቃል ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወርዶ ያነበበ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ሦስተኛው ገደባችሁ ነው። አራት ክፍል ያለው ቤት አሥራ ሁለት ሰው ያለበትን ቡድን አያሳድርም። ይህን መጀመሪያውኑ ማለት ሥራ ያሳጣል ብለው አይስጉ፤ ቡድኑ ትልቅ የሆነበት ድርጅት ውሎ አድሮ ማወቁ አይቀርም፣ ሁለትና አራት እንግዳ የሚልከው ደግሞ የሚናገረው የሚታመን ሰው እንዳገኘ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚቀረው እንዲህ ይነበባል።

ርዕስ፦ ሐረር ለሚያድሩ እንግዶችዎ፣ ከድሬዳዋ ጀምሮ

ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ …፣

በድረ ገጻችሁ ላይ ያለው የምሥራቅ ጉዞ እንግዶችን ሐረር አንድ ሌሊት እንደሚያሳድር አየሁ። እኛ ጁገል ውስጥ፣ በባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ አራት መኝታ ክፍሎች አሉን። እንግዶችዎን ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለን፣ ማታ የጅብ ምገባውን አሳይተን፣ በማግስቱ ከተማዋን ፈቃድ ባለው አስጎብኚ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ እናስጎበኛለን፤ ሒሳቡ በአንድ ደረሰኝ ይወራረዳል። ከስምንት ሰው በላይ የሆነ ቡድን ማሳደር አንችልም። በአሁኑ ጊዜ ሁለት የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅቶች እንግዶቻቸውን ይልኩልናል፤ ከፈለጉ የሚያነጋግሩትን ሰው ስልክ እሰጥዎታለሁ።

ለአስጎብኚ ድርጅቶች ያዘጋጀነውን የዋጋ ዝርዝር ልላክልዎ?

(ስም፣ የማረፊያው ስም፣ ስልክ)

ከሰላምታው በታች ያለው 71 ቃል ነው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ቢጽፉት ከመቶ ያልፋል፤ የሁለቱ ልኬት የሚለያየው በዚህ መጠን ነው። ጥያቄው ለብቻው መስመር የያዘው ሆን ተብሎ ነው፤ አንቀጽ ውስጥ ከገባ በዓይን ሩጫ ይታለፋል። ስልክ ቁጥር እሰጥዎታለሁ የሚለውን ከመጻፍዎ በፊት ግን እነዚያን ሁለት ድርጅቶች ያስፈቅዱ። ካልፈቀዱ ዓረፍተ ነገሩ «ይልኩልናል» ላይ ያብቃ።

ዋጋው ለምን አልተጻፈም ይሉ ይሆናል። አንድ ዋጋ ብቻውን ከተጻፈ አሳሳች ነው፤ ለአንድ ሰው ነው ለሁለት፣ ቁርስ ይጨምራል፣ በዓል ሰሞን ይለወጣል፣ መኪናው ስንት ሰው ይይዛል የሚለውን ሁሉ ማስከተል ግድ ይሆናል። ያ ብቻውን አርባ ቃል ይበላል። ከዚህም ሌላ ለድርጅት የሚሰጠው ዋጋ ለእንግዳው ከሚነገረው የሚለይ ስለሆነ፣ ላልጠየቀ ሰው ሁሉ መበተኑ ጥሩ አይደለም። እዚህ ላይ ከብዙዎች ጋር አልስማማም፤ «ዋጋ የሌለው ኢሜይል አይነበብም» የሚሉ አሉ። ዋጋው አንድና ቋሚ ለሆነ ዕቃ ልክ ናቸው፤ በየሁኔታው ለሚለያይ አገልግሎት ግን ዝርዝሩን ራሱን መጠየቂያ ማድረጉ ይሻላል።

አባሪው የርዝመት ጉዳይ ነው። ረቂቁን አሳጥሮ ባለ ሃያ ገጽ የድርጅት መግለጫ ማያያዝ፣ ያወጡትን 300 ቃል በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው። ከማይታወቅ አድራሻ ከባድ ፋይል ይዞ የመጣ ኢሜይል ወደ አላስፈላጊ መልእክቶች ሳጥን የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ቢደርስም በስልክ ዳታ ማንም አያወርደው። በመጀመሪያው ኢሜይል አባሪ አይኑር፤ ምስልም፣ በፊርማው ሥር የሚቀመጥ ትልቅ አርማም አይኑር። ድረ ገጽ ካላችሁ አንድ አድራሻ ከስልኩ ሥር ይበቃል።

የተቆረጠውን አይጣሉት። በአንድ ፋይል ሰብስበው በሦስት ይክፈሉት፦ የዋጋ ዝርዝርና ሁኔታዎች በአንድ ገጽ፣ የሁለት ቀን ፕሮግራም ከነሰዓቱ በአንድ ገጽ፣ አምስት ስድስት ፎቶ። «አዎ ላኩ» የሚል መልስ በመጣ በዚያው ቀን ይህ ይሄዳል። ያኔ የሚጽፉት ኢሜይል 200 ቃል ቢሆንም ይነበባል፤ ሰውየው ራሱ ጠይቋልና።

ርዕሱን በተመለከተ፣ «የትብብር ጥያቄ» ወይም «ጉዳዩ፦ የሥራ ግንኙነት ስለመፍጠር» አይበሉ። በስልክ ላይ ርዕስ ቶሎ ይቆረጣል፤ ፊደላችንም ሰፋ ያለ ስለሆነ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ ላይታይ ይችላል። «ሐረር» እና «እንግዶችዎ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከፊት ይምጡ።

ይህ ልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጽፉ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይፈለጋል። ያንን እንደ ወጉ ሙሉ አድርገው ጽፈው፣ ስካን አድርገው ያያይዙ፤ ኢሜይሉ ራሱ ሦስት መስመር ይሁን። ጨረታ ወይም የማመልከቻ ቅጽ ሲኖርም የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሱ፤ እዚያ ማሳጠር ነጥብ ያስቀንሳል። በሌላ በኩል ተቀባዩ የሚያውቀው ሰው «ጻፍለት» ብሎዎት ከሆነ የዚያ ሰው ስም በመጀመሪያው መስመር ይግባ፤ ያኔ ማስረጃው ስለተሟላ 40 ቃልም ይበቃል።

ርዝመት ደግሞ ሁሉን አይፈታም። ከሠላሳው አንድም መልስ ያለመምጣቱ ርዝመት ብቻውን የሚያመጣው አይመስለኝም፤ ከረጅምም ኢሜይል ሁለት ሦስት «እናየዋለን» ይገኛልና። ሁለት ነገር ያጣሩ። ለሠላሳውም በአንድ ጊዜ አድራሻዎቹን ደርድረው ልከው ከሆነ ብዙዎቹ ጋ እንደ ጅምላ መልእክት ተይዞ ሊቀር ይችላል። ለጠቅላላ አድራሻው ብቻ ልከው ከሆነ ደግሞ ቦታ ለሚያስይዘው ሰው ሳይመራ ቀርቶ ይሆናል። ስልክ ደውሎ «የሐረርን ጉዞ የሚያዘጋጀው ማን ነው? በኢሜይል ላገኘው ፈልጌ ነበር» ማለት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስሙንና አድራሻውን አብዛኛውን ጊዜ ይነግሩዎታል። መልስ መምጣት ሲጀምር ግን ርዝመቱ ልክ መሆኑን ከመልሱ ይለዩታል። «ዋጋው ስንት ነው?»፣ «ለጥቅምት ክፍል አለ?» ከተባሉ ኢሜይሉ ተነቧል። «ምን ዓይነት ድርጅት ናችሁ?»፣ «ምን ነበር የፈለጋችሁት?» ከተባሉ፣ የጠየቁዎት ነገር ኢሜይሉ ውስጥ እያለ አልታየም ማለት ነው፤ አሁንም የሚያወጡት አለ፣ ወይም ጥያቄው ተቀብሯል።

የምመክርዎ ይህ ነው። ከሠላሳው ድርጅት የጉዞ ፕሮግራማቸው ላይ ሐረር ያለባቸውን አሥር ይምረጡ። ለየአንዳንዳቸው ድረ ገጻቸውን አይተው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለብቻ ይጻፉ፤ ሌላው እንዳለ ይሂድ። ያንን ዓረፍተ ነገር ሊጽፉለት ያልቻሉት ድርጅት፣ ለምሳሌ ሰሜኑን ብቻ የሚያስጎበኝ ከሆነ፣ ከዝርዝሩ ይውጣ። ለየብቻ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ይላኩ፤ ገናና ጥምቀት ሰሞን ግን ቢሮዎቹ በእንግዳ ስለሚጨናነቁ ይተዉት። ቀድሞ ረጅሙን የላኩላቸው ስለሆኑ «ከዚህ በፊት ጽፌ ነበር» እያሉ ማስታወስ አያስፈልግም፤ እንደ አዲስ ይጻፉ። በሳምንቱ መልስ ካልመጣ በዚያው ኢሜይል ላይ፣ ከሃያ ቃል ባልበለጠ፣ ይህን ይጨምሩ፦ «ባለፈው ሳምንት ስለ ሐረር ማረፊያችን ጽፌልዎ ነበር። የዋጋ ዝርዝሩን ልላክልዎ ወይስ የምሥራቁን ጉዞ የሚመለከት ሌላ ሰው አለ?» ብዙ ጊዜ መልስ የሚያመጣው የኋለኛው ግማሽ ነው፤ ለራሱ ሥራ ሳይጨምር ወደ ሌላ ሰው ሊያስተላልፍዎ ይችላልና። ከዚህ ሁለተኛው በኋላም ዝም ካሉ ሦስተኛ አይጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ፣ የሚቀጥለው የጉዞ ወቅት ፕሮግራም ሲዘጋጅ፣ በአዲስ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይመለሱባቸው።